ስክሪንሾቱ ጥቁር ሆኖ ሲቀመጥ ለአይቲ ክፍል ምን ተብሎ ይጻፋል?

«ስክሪንሾት ሳነሳ ባዶ ምስል ነው የሚያስቀምጥልኝ። ሁሉንም ነገር ሞክሬያለሁ፤ እባካችሁ አስተካክሉልኝ።» በመሥሪያ ቤት የአይቲ ድጋፍ ላይ የሠራ ሰው ይህን ዓይነት መልእክት በደንብ ያውቀዋል። የጻፈው ሰው እውነቱን ነው፤ ሥራው ቆሞበታል፣ የሚያውቀውንም ሞክሯል። መልእክቱ ግን ለሚያነበው ባለሙያ የሚጨብጠው ነገር አይሰጠውም። ባዶ ሲል ጥቁር ማለቱ ነው ወይስ ነጭ? ባዶ የሆነው ስክሪኑ በሙሉ ነው ወይስ አንዱ መስኮት ብቻ? ሁሉንም ሞከርኩ ሲልስ የትኞቹን ሞከረ፣ እያንዳንዱስ ምን አሳየው? ባለሙያው እነዚህን ለመጠየቅ መልሶ ይጽፋል፤ ጠያቂው ስብሰባ ላይ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል፤ በዚህ መሀል ቀኑ ያልቃል።

ስክሪንሾት በቢሮዎቻችን ውስጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ብር መተላለፉን፣ ሲስተሙ ያወጣውን የስህተት መልእክት፣ አለቃ በቴሌግራም ያጸደቀውን ጉዳይ የምናስረዳው በእሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ይህን ችግር ለአይቲ ክፍል እንዴት አድርጎ ቢጽፈው ቶሎ መልስ እንደሚያገኝ፣ አንድ ደብዳቤ ይዘን እስከ መጨረሻው ብንሄድ ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ግን ስክሪንሾት በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ስክሪንሾትን የስክሪኑ ፎቶግራፍ አድርጎ ያስበዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በዓይናችን የምናየው ሁሉ ይነሳ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ገጽ ለብቻው ይሥላል። ዊንዶውስ ደግሞ እነዚህን ገጾች እንደ ተደራረቡ ወረቀቶች አንድ ላይ አድርጎ ወደ ስክሪኑ ይልካቸዋል። ስክሪንሾት የሚያነሳው ፕሮግራም ስክሪኑን አያይም፤ የተሰበሰበውን ምስል ቅጂ እንዲሰጠው ዊንዶውስን ይጠይቃል። የሚሰጠው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ከምናየው ጋር አንድ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ አንድ ፕሮግራም መስኮቱ ስክሪን ላይ እንዲታይ፣ በቅጂ ላይ ግን እንዳይወጣ ማዘዝ ይችላል። ፕሮግራመሮች ትዕዛዙን `SetWindowDisplayAffinity` በሚለው ስም ያውቁታል። ትዕዛዙ ሲሰጥ ሰውየው ሰነዱን ያለ ምንም ችግር እያነበበ፣ ስክሪንሾቱ ላይ ግን ያ ቦታ ጥቁር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ሌላ አማራጭም ተጨምሯል፤ በእሱ የተከለለ መስኮት ቅጂው ላይ ጥቁር ሆኖ እንኳን አይታይም፣ ከኋላው ያለው ነገር ነው የሚወጣው። እንግዲህ ባዶ ምስል ሁሉ ብልሽት አይደለም ማለት ነው። አንዳንዱ አንድ ሰው አስቦበት ያስቀመጠው ክልከላ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተሩን የፈለገውን ያህል ቢጠግኑት ምንም አይለወጥም።

ከዚህ ጋር መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ምስሉ ባዶ የሆነው ሲነሳ ነው ወይስ ሲቀመጥ? ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የፋይሉን መጠን ማየት ነው፤ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ተጭኖ `Properties` የሚለውን መክፈት ይበቃል። ስፋቱ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ዓይነት ተመሳሳይ ነጥቦችን አጥብቆ ስለሚጨምቅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር የሆነ ስክሪንሾት 10 ኪሎባይት እንኳን ላይሞላ ይችላል። ጽሑፍና ሰንጠረዥ የሞላበት ስክሪንሾት ግን ብዙውን ጊዜ በመቶዎች ኪሎባይት ይቆጠራል።

ስለዚህ ፋይሉ ዜሮ ባይት ከሆነ ምስሉ ጭራሽ ዲስኩ ላይ አልተጻፈም፤ ዲስኩ ሞልቶ ወይም ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ኪሎባይት ከሆነ በትክክል ተቀምጧል፤ የተቀመጠው ግን ከመጀመሪያውም ባዶ ሆኖ የተነሳ ምስል ነው። ብዙ መቶ ኪሎባይት ሆኖ ሲከፈት ባዶ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ምስሉ ደህና ነው፤ የሚጠረጠረው ምስሉን የከፈተው ፕሮግራም ነው፣ በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት ነው። ደብዳቤው ላይ ይህችን አንዲት ቁጥር የጻፈ ሰው ለአይቲ ክፍሉ ብዙ ጥያቄ ያስቀርለታል።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። ለአብነት ያዘጋጀሁት ነው፤ ጉዳዩ ግን በየቢሮው የሚያጋጥም ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል የምትሠራ ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከላትን የበጀት ፋይል እየመረመረች ነው። አንድ ቀመር የተሳሳተ መስሎ ታያት፤ ለኦዲተሩ ለማሳየት ስክሪንሾት ብታነሳ ጥቁር ሆነባት። እንዲህ ብላ ጻፈች።

ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድጋፍ ክፍል

ጉዳዩ፦ የአንድ ኤክሴል ፋይል መስኮት ብቻ በስክሪንሾት ላይ ጥቁር ስለመሆኑ

ከዋናው መሥሪያ ቤት በኢሜይል የደረሰኝን የሩብ ዓመት የበጀት ፋይል ከፍቼ ስክሪንሾት ሳነሳ የፋይሉ መስኮት ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ስክሪኑ ላይ ያለ ምንም ችግር ይታየኛል። ችግሩን ያየሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፋይሉም የደረሰኝ በዚያው ቀን ነው። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 ነው። የምሠራው በቀጥታ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በሪሞት አይደለም።

የሞከርኳቸውና ያየሁት ውጤት፦

1. በ`Win + Shift + S` አንስቼ ፔይንት ላይ ፔስት አደረግሁት። ገና ሴቭ ሳላደርገው ጥቁር ነበር።
2. በ`Win + Print Screen` ሙሉውን ስክሪን አነሳሁ። ምስሉ `Pictures\Screenshots` ውስጥ ተቀምጧል። የኤክሴሉ ቦታ ጥቁር ነው፤ ከታች ያለው ታስክባርና ሰዓቱ ግን በደንብ ይታያሉ። የፋይሉ መጠን 31 ኪሎባይት ነው።
3. ኖትፓድ ከፍቼ «ሙከራ» ብዬ ጻፍኩና ከበጀት ፋይሉ ጎን አድርጌ ሁለቱን በአንድ ላይ አነሳሁ። ኖትፓዱ ወጣ፤ ኤክሴሉ ጥቁር ነው። ይህን ምስል አያይዣለሁ።
4. የበጀት ፋይሉን ዘግቼ አዲስ የኤክሴል ፋይል ከፈትኩ፤ ጥቂት ቁጥሮች ጽፌ አነሳሁ። በትክክል ወጣ።
5. ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጌ ተራ ቁጥር 2 እና 4ን ደገምኩ። ውጤቱ አልተለወጠም።
6. ይኸው ፋይል የደረሰው የሥራ ባልደረባዬ በራሱ ኮምፒውተር ሞከረ። የእሱም ጥቁር ነው።

ያላደረግሁት፦ ሌላ የስክሪንሾት ፕሮግራም አልጫንኩም። ፋይሉ ምስጢራዊ ሊሆን ስለሚችል ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አላነሳሁም።

የሚያስፈልገኝ፦ በፋይሉ ውስጥ ያለ አንድ ቀመር የተሳሳተ ስለመሰለኝ እስከ ረቡዕ ድረስ ለኦዲተሩ ማሳየት እፈልጋለሁ። ከስክሪንሾት ሌላ መንገድ ካለም ይጠቅመኛል።

ከሰላምታ ጋር
ከሒሳብ ክፍል

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ ወደ መልሱ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሙከራ የማስቀመጡን ጉዳይ ከነአካቴው ያስወጣዋል። ምስሉ ሴቭ ሳይደረግ ጥቁር ከነበረ ፎልደሩን፣ ዲስኩን ወይም የፋይሉን ዓይነት መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛው ላይ ታስክባሩ መታየቱ ደግሞ ስክሪንሾት የማንሳቱ ሥራ በራሱ ጤነኛ መሆኑን ይናገራል፤ የስክሪን ካርዱ ድራይቨር ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ የአንዱን መስኮት ጠርዝ ጠብቆ አይቆምም ነበር።

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያለው ሦስተኛው ነው። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ጊዜ ማንሳት ሌላውን ነገር ሁሉ እኩል ያደርገዋል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ መሣሪያው አንድ ነው፣ ቅጽበቱ አንድ ነው። ልዩነት ከታየ ልዩነቱ የመስኮቶቹ ነው። ማስረጃነቱም ንጹሕ ነው፤ ከተያያዘው ምስል ላይ የሚነበበው «ሙከራ» የሚለው ቃል ብቻ ስለሆነ ምስጢር አይወጣበትም። ብዙ ሰው ችግሩን ለማሳየት ብሎ ስክሪኑን በስልክ ያነሳና በቴሌግራም ይልካል። ሰነዱ የተከለለ ከሆነ ግን ያ ፎቶ ራሱ ክልከላውን መጣስ ነው።

አራተኛው ኤክሴልን ነጻ ያወጣል። እዚህ ላይ የበጀት ፋይሉን መጀመሪያ መዝጋቷ ትክክል ነበር፤ ሁለቱም ፋይሎች ተከፍተው ቢሆን ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ ያከራክር ነበር። ስድስተኛው የእሷን ኮምፒውተር ነጻ ያወጣል። ሪስታርት ማድረጓ ከስድስቱ ሁሉ ትንሹን ነው የሚነግረን፤ ሆኖም መጻፍ አለበት፣ ካልተጻፈ የአይቲ ክፍሉ የመጀመሪያ መልስ «ሪስታርት አድርጊው» መሆኑ አይቀርም። እንግዲህ የቀረው አንድ ተጠርጣሪ ፋይሉ ራሱ ነው።

ባለሙያው አሁን የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋይሉ ሲከፈት ከላይ በኩል ስለ ፈቃድ የሚናገር ቢጫ መስመር ይታያል ወይ? በማይክሮሶፍት ኦፊስ የተከለሉ ሰነዶች ላይ ይህ መስመር ይወጣል፤ `View Permission` የሚለው ሲጫኑት ተጠቃሚው የተፈቀደለትንና የተከለከለውን ይዘረዝራል። ማየት፣ ማረም፣ ማተም፣ ኮፒ ማድረግ ለየብቻ የሚሰጡ ፈቃዶች ናቸው። የበጀት ፋይሉ ላይ ማየትና ማረም ተፈቅዷል፤ `Copy` ግን አልተፈቀደም። ይህ ፈቃድ ሲጎድል ኤክሴል፣ ወርድና ፓወርፖይንት መስኮታቸውን ከስክሪንሾት ይከልላሉ፤ ከላይ ያነሳነው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ሥራ ላይ የሚውለው እዚህ ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ከስክሪንሾት ውጭ አለ። ከአንድ ሴል ቁጥር ኮፒ አድርጋ ኖትፓድ ላይ ፔስት ለማድረግ ብትሞክር እሱም እምቢ ይላታል። ስክሪንሾትም ኮፒም በአንድ ላይ ከተከለከሉ ጉዳዩ የፈቃድ ነው።

ማን ከለለው? ብዙ ጊዜ ይህን ያደረገው ሰው ስለ ስክሪንሾት አላሰበም። ፋይሉን ሲያዘጋጅ ከላይ ካሉት የምስጢር ደረጃዎች «ለውስጥ አገልግሎት» ወይም «ምስጢራዊ» የሚለውን መርጧል፤ ከዚያ ደረጃ ጋር የትኞቹ ፈቃዶች እንደሚሄዱ የወሰነው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ አስተዳዳሪ ነው። ለዚህ ነው የሒሳብ ባለሙያዋም ባልደረባዋም ምንም ሳይነኩ ሁለቱም ጋር ጥቁር የሆነው።

እዚህ ላይ የአይቲ ክፍሉ ሥራ ክልከላውን ማንሳት አይደለም። ማንሳት ያለበት የፋይሉ ባለቤት ነው፤ አይቲ የሚያደርገው ባለቤቱ ማን እንደሆነና ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለባት መንገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ጥቁሩን እናስወግዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች ይገኛሉ። እነሱን መጫን የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ለማይታወቅ ሶፍትዌር አሳልፎ መስጠት ስለሆነ እሷ ደብዳቤዋ ላይ አልጫንኩም ብላ መጻፏ የሚያስመሰግናት ነው። ማይክሮሶፍት ራሱም ይህ የዊንዶውስ ትዕዛዝ ፍጹም መከላከያ እንዳልሆነ በቴክኒክ ሰነዱ ላይ ጽፏል፤ ስክሪኑን በካሜራ የሚያነሳን ሰው የሚያቆመው ነገር የለም። ክልከላው የተሠራው በዋናነት ሰው ሳያስበው ምስጢር እንዳያወጣ ነው።

ለሒሳብ ባለሙያዋ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስክሪንሾቱን ትቶ ቀመሩን በሴሉ አድራሻ መግለጽ ነው፤ የትኛው ገጽ ላይ፣ የትኛው ሴል ውስጥ፣ ከየት እስከ የት መደመር ሲገባው የት ላይ እንዳቆመ በጽሑፍ ይነገራል። ኦዲተሩ ፋይሉን የማየት ፈቃድ ካለው ይህ ከምስል ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ምስሉም ሊደርሰው ባልተገባ ነበር። ሁለተኛው የፋይሉን ባለቤት የ`Copy` ፈቃድ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ባለቤቱ ራሱ ለተወሰኑ ሰዎች በስም ፈቃድ የሰጠበት ፋይል ከሆነ ፈቃዱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ እሱ የራሱን ቅጂ ቢያስተካክል በኢሜይል ቀድሞ የደረሳት ቅጂ እንደ ድሮው ይቀራል። የተስተካከለውን እንደ አዲስ መላክ አለበት፤ እሷም አሮጌውን ዘግታ አዲሱን መክፈት አለባት። «ፈቃድ ሰጥቼሻለሁ» «አሁንም ጥቁር ነው» እየተባባሉ የሚዘገዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው።

ሙከራዎቹ ሌላ ውጤት ቢያሳዩስ ኖሮ? ሦስተኛው ሙከራ ላይ ጥቁር የሆነው ብራውዘር ቢሆንና የትኛውም ድረ ገጽ ቢከፈት ጥቁርነቱ ባይለቅ፣ ጥርጣሬው ወደ ስክሪን ካርዱ ይዞራል። ክሮም ላይ `chrome://settings/system` ብሎ ገብቶ `Use graphics acceleration when available` የሚለውን አጥፍቶ ብራውዘሩን እንደገና ማስነሳት ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪንሾቱ በትክክል ከወጣ ድራይቨሩ መታደስ አለበት፤ አጥፍቶ መተው ግን ጥሩ መፍትሔ አይደለም፣ ቪዲዮ የማሳየቱ ሸክም በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃልና። ብራውዘሩ ውስጥ ጥቁር የሆነው የፊልሙ ቦታ ብቻ ከሆነና ፊልሙ ተከፍሎበት የሚታይ ከሆነ ግን ያ የባለመብቱ ክልከላ ነው።

ሁለት የተለያዩ የማንሻ መንገዶችን መሞከር ለምን እንደሚያስፈልግ ዊንዶውስ 11 በወጣ በወሩ የሆነው ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት የተጠቀመበት አንድ ዲጂታል ሰርተፍኬት ጊዜው አለፈበት፤ በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተጠቃሚዎች ጋር `Snipping Tool` አልከፈት አለ። ማስተካከያው እስኪደርስ ኩባንያው የሰጠው ምክር `Print Screen` ተጭኖ ፔይንት ላይ ፔስት ማድረግ ነበር። አንዱ መንገድ ሠርቶ ሌላው እምቢ ካለ የተበላሸው መሣሪያው ነው። ችግሩ የጀመረበትን ቀን መጻፍም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የአይቲ ክፍሉ በዚያ ቀን ምን እንደታደሰ ወይም ምን እንዳለቀበት መዝገቡን ያያል።

ደብዳቤዋ ላይ «በሪሞት አይደለም» የሚለው አጭር ቃልም በከንቱ አልገባም። በሪሞት ዴስክቶፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ፣ እዚያው ላይ በራሱ ጊዜ ስክሪንሾት የሚያነሳ ፕሮግራም የሚያሠራ ሰው መስኮቱን ሚኒማይዝ ሲያደርገው ወይም ግንኙነቱን ሲያቋርጥ ምስሎቹ ጥቁር ይሆኑበታል። ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር የሚያየው ሰው እንደሌለ ሲያውቅ ገጹን መሣል ያቆማል፤ ያልተሣለ ነገር ደግሞ አይነሳም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ራሱ ገብቶ እያየ ሲያነሳ ይሠራል፣ ትቶት ሲወጣ ጥቁር ይሆናል።

ማክ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚያዩት ባዶነት ከዚህ ሁሉ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ጀምሮ ከውጭ የተጫነ ፕሮግራም ስክሪኑን ለማንሳት የተጠቃሚውን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ካላገኘ ምስሉ ላይ የሚወጣው የዴስክቶፑ የጀርባ ሥዕል ብቻ ነው፤ የተከፈቱት መስኮቶች አንዳቸውም የሉም። ለመለየት ከማክ ጋር አብሮ የሚመጣውን `Shift + Command + 3` መሞከር ነው። እሱ መስኮቶቹን አሟልቶ ካነሳ የጎደለው የዚያኛው ፕሮግራም ፈቃድ ነው፤ ከ`Privacy & Security` ውስጥ ስክሪን የመቅዳት ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ፕሮግራሙም ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እንደገና ይከፈታል።